ስምሽ ብቻ ይግባልን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ወር ለምወደው ድርጅት "አይሆንልኝም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን አማርኛ የሚያስተምር ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ። ልጄ ፊደል የቆጠረው እዚያ ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ በየወሩ 60 ዶላር ከባንኬ ይቆረጣል። በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። ወንበር እዘረጋለሁ፣ ሲያልቅ እሰበስባለሁ።

ሊቀመንበሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። አንድ ማታ ደወሉልኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራ ጠየቁኝ። ከዚያ "ልጄ፣ ከአምስቱ የቦርድ አባላት አንዷ ወደ ቴክሳስ ልትሄድብን ነው፤ በሷ ቦታ አንቺን አስበናል" አሉኝ። ዝም ስል ጊዜ፣ "አይዞሽ፣ ሥራ አይበዛብሽም። ስምሽ ብቻ ይግባልን" ብለው ጨመሩበት።

ይችን አባባል አውቃታለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሌላ ስቴት ስኖር፣ በዚችው ቃል ሌላ ድርጅት ቦርድ ውስጥ ገብቻለሁ። ያንን ሳልነግራችሁ የአሁኑን ብነግራችሁ አይገባችሁም።

ያ ድርጅት ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። እያንዳንዳቸው በወር 2,000 ዶላር ይከፈላቸዋል። ባንኩ ሁለት ፊርማ ስለሚፈልግ ሁለተኛዋ ፈራሚ እኔ ሆንኩ። ገንዘብ ያዡ ቼክ ያመጣልኛል፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እፈርማለሁ። በቃ፣ የቦርድ አባልነቴ እሱ ነበር።

አንድ ቀን ገንዘብ ያዡ "ይሄ ወር ከብዶናል። የቤቱን ኪራይ እንክፈልና ታክሱን ለጊዜው እናቆየው" አለኝ። እኔ በዶክተር ቢሮ ፔይሮል፣ ማለትም የሠራተኞችን ደሞዝና የደሞዝ ታክስ ሂሳብ ነው የምሠራው። የትኛው ታክስ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ለፍቷል፣ ምን ብዬ ልናገረው? ይሉኝታ ያዘኝ። ኪራዩን ፈረምኩ።

እዚህ አገር ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ የድርጅቱ አይደለም። ለመንግሥት እስኪገባ ድረስ አደራ ነው። የኛን ብናሰላው፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሠራተኛው ድርሻ 7.65 በመቶ ይቆረጣል። ከ2,000 ዶላር ላይ 153 ማለት ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር 120 ገደማ ነበር። ለአንድ ሰው 273፣ ለሁለቱ 546 ዶላር በወር። "ለጊዜው" የተባለው ስድስት ወር ሄደ። 3,276 ዶላር።

ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ድርጅቱ ይህን አደራ ሳያስገባ ሲቀር፣ ሕጉ ድርጅቱን ብቻ አይጠይቅም። የትኛው ሂሳብ ይከፈል የትኛው ይቆይ የማለት ሥልጣን የነበረውን፣ እያወቀ ሌላ ሂሳብ ያስቀደመውንም ሰው ከኪሱ ያስከፍላል። የተያዘውን ገንዘብ መቶ በመቶ። በስም ብቻ ያለ፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግል፣ በዕለት ተዕለትም በገንዘብም ጉዳይ ያልገባ፣ ጉድለቱንም በእርግጥ ያላወቀ የቦርድ አባልን ሕጉ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። እኔ ግን ቼክ ላይ ፈርሜያለሁ። ደግሞም አውቄያለሁ።

ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ከአይ.አር.ኤስ. የተመደበችው ሠራተኛ ስትጠይቀኝ ድምፅዋ ትሁት ነበር። ማነው ቼክ የሚፈርመው? ማነው መጀመሪያ ለማን ይከፈል የሚለው? ስለ ታክሱ መቼ አወቅሽ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አፌ ደረቀ። በመጨረሻ አባላቱ አዋጥተው ድርጅቱ ራሱ ከፈለ፣ ወደ እኔ ሳይደርስ ቀረ። እስከዚያው ድረስ ግን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ያኔ "ኪራዩ ይቆይ፣ ታክሱ ይቅደም" ሳልል መቅረቴ ነው። ለዚያ ነበር ቦርድ ውስጥ የተቀመጥኩት።

እንግዲህ ጋሼ "ስምሽ ብቻ" ሲሉኝ ልቤ ያለው ይህን ነው። ግን ወዲያው እምቢ አላልኩም። ያለፈው ድርጅት ጥፋት የዚህኛው ዕዳ አይደለም። "ሁለት ቀን ይስጡኝ፣ ወረቀቶቹንም ልይ" አልኳቸው። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። መተዳደሪያ ደንቡን፣ የሦስት ዓመት ፎርም 990ን፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ። ፎርም 990 ድርጅቱ በየዓመቱ ለአይ.አር.ኤስ. የሚያስገባው መግለጫ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ማንም ሰው ቢጠይቅ የማየት መብት አለው። የቦርድ አባላት ስም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ "ስም ብቻ" የሚባለው ስም ራሱ ለማንም የሚታይ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወረቀቶቹ ንጹሕ ነበሩ። ታክሱ በጊዜው ገብቷል። ቃለ ጉባኤው በሥርዓት ተይዟል። ደስ አለኝ። በዚያው ምክንያት አጣሁ።

ከዚያ ቃለ ጉባኤውን እርሳስ ይዤ ደግሜ አነበብኩት። ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ታናሽ እህቴ ናት። ደሞዝተኛ ናት። ከዓመቱ በጀት ትልቁ ወጪ የሷ ደሞዝ ነው። ቦርዱ በዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ተሰብስቧል። የእህቴ ጉዳይ የተነሳበትን ሁሉ አሰመርኩበት። ደሞዝ፣ ውል፣ የሥራ ግምገማ፣ እሷ ያቀረበችው የመጻሕፍት ግዢ፣ አንድ ወላጅ ያመጡት ቅሬታ። ከ11ዱ 7ቱ ላይ መስመር ገባ።

የጥቅም ግጭት ሲኖር የሚደረገው ይታወቃል። አባሏ ዝምድናዋን ትናገራለች፣ ከክፍሉ ትወጣለች፣ ድምፅ አትሰጥም፣ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በዓመት አንዴ ቢሆን ምንም አይደለም። ከ11 ስብሰባ 7ቱ ላይ መውጣት ግን ቦርዱን ባለ አራት ሰው ማድረግ ነው። አራት ሰው ሁለት ለሁለት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይቆማል። ያቺ ቅሬታ ያቀረቡት እናትስ? እኔ እዚያ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ አፋቸውን የሚከፍቱ አይመስለኝም። ለእህቴም አይበጃትም። ደሞዝ ሲጨመርላት "እህቷ ናት ያስጨመረችላት" መባሉ አይቀርም።

አሁን ምክንያቱን አገኘሁ። መናገሩ ቀረ። እዚህ ላይ ተፈተንኩ። ምክንያቱም ቀላል ሰበብ ነበረኝ። እናቴ ታማ እኔ ጋ ናት። "እናቴን ላስታምም" ብል ማን ይከራከረኛል? ጋሼ መርቀውኝ ስልኩን ይዘጉ ነበር። ግን አስቡት፣ ቀጥለው የሚሉት "እሺ፣ እሷ ስትሻላት ትገቢያለሽ፣ ቦታውን እናቆይልሻለን" ነው። ባዶ ወንበር ለስድስት ወር እኔን ይጠብቃል። ሰው ሲጎድል ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ እያጣ ይበተናል። የኔ ጨዋነት የነሱ ራስ ምታት ይሆናል። ደግሞ እናቴ ስትሻላት ምን ልል ነው?

በቴክስትም አልነገርኳቸውም። ደወልኩ። "ጋሼ፣ አክብራችሁኝ ጠየቃችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቦርድ ውስጥ አልገባም። ምክንያቱ እህቴ ናት።" ቁጥሩንም ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። "እሷን ጭራሽ አላሰብኩም" አሉ። ወዲያው ደግሞ "ታዲያ ወጣ ብለሽ ትመለሻለሽ" አሉኝ። "ሰባት ጊዜ ነው እኮ ጋሼ" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ "እንግዲያው በክብር አባልነት ስምሽን ከደብዳቤያችን ግርጌ እናስፍር" አሉ። እሱንም አይሆንም አልኩ። ሰው ገንዘብ ሲሰጥ ስሞቹን ያያል። የኔን ስም ሲያይ ሂሳቡን የምመረምር ይመስለዋል። አልመረምርማ።

በዚያው ማታ ኢሜይል ጻፍኩ። አራት መስመር ናት፣ ላንብብላችሁ። "የቦርድ አባልነት ጥሪያችሁን በአክብሮት አልተቀበልኩም። እህቴ የድርጅቱ ሠራተኛ በመሆኗ የጥቅም ግጭት አለብኝ። ስሜ በአባላት ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ እጠይቃለሁ። ወርኃዊ መዋጮዬ እንደ ወትሮው ይቀጥላል።" ሦስተኛዋን መስመር አትተዉ። በስልክ ብቻ የተባለ ነገር ይረሳል። አንዲት ጓደኛዬ "እስቲ ላስብበት" ብላ ዝም ስላለች፣ ከዓመት በኋላ ስሟን የድርጅቱ ዌብሳይት ላይ አግኝታዋለች።

መዋጮውን 100 ዶላር ላድርገው ብዬ ነበር፣ ልቤ ስላዘነ። ባለቤቴ "ካሣ ነው እንዴ የምትከፍይው?" አለኝ። ልክ ነው። 60ው 60 ሆኖ ቀረ። ይልቅ ሌላ ነገር ሰጠሁ። ፔይሮል የሚያስገባ ድርጅት ፎርም 941 የሚባል መግለጫ በዓመት አራት ጊዜ ያስገባል፣ በኤፕሪል፣ በጁላይ፣ በኦክቶበርና በጃንዋሪ መጨረሻ። የታክሱ ክፍያ በእርግጥ መግባቱን ገንዘብ ያዧ ራሷ ከአይ.አር.ኤስ. ገጽ ላይ እንዴት እንደምታየውና ለቦርዱ አትማ እንደምታቀርበው አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሳየኋት። ለማሳያ የተጠቀምነው የፈጠራ ቁጥር ነው። የድርጅቱን ወረቀት አልነካሁም፣ የእህቴ ደሞዝ እዚያ ውስጥ አለና።

ለቦታውም አንዲት ሰው ጠቆምኩ። ልጇ እዚያ የሚማር ፋርማሲስት ናት። ስሟን ለጋሼ ከመስጠቴ በፊት እሷን አስፈቅጄ፣ ሦስቱን ወረቀቶች ቀድማ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ጠየቀች፣ አነበበች፣ ገባች።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል። እህቴ እሁድ ምሳ ልትበላ ስትመጣ፣ "ቦርዱ ምን አለ?" የምትለው ጥያቄ ምላሴ ላይ ትመጣለች። በር ከዘጋሁ በኋላ በመስኮት መግባት ይሆንብኛልና እውጣታለሁ። ስለ ልጆቹ እናወራለን።

ባለፈው ቅዳሜ የዓመቱ መዝጊያ ነበር። ወንበር ስዘረጋ አዲሷ የቦርድ አባል ማኅደር በብብቷ ይዛ መጣችና "የአዳራሹ ኪራይ ደረሰኝ የት ነው የሚቀመጠው?" አለችኝ። የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፣ እህቴ ነግራኛለች። "ገንዘብ ያዧን ጠይቂያት፣ ያችውልሽ እዛ ጋ" አልኳት። ሄደች። እኔ ሁለተኛውን ረድፍ ጀመርኩ።