10 ኪሎ ሜትር ከ50 ደቂቃ በታች፦ መጀመሪያ ላይ ተረጋጉ እንጂ!

ሰላም ሰላም! ዛሬ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነኝ። ነፋሱ ካስቸገራችሁ ይቅርታ፣ ማይኩ የውሰት ነው።

ሒሳቡን ቶሎ ልጨርሰው፣ ታውቁታላችሁ። አንዱን ኪሎ ሜትር ልክ በ5 ደቂቃ ከሮጣችሁ የምትገቡት በ50 ነው። ከ50 በታች አይደለም! ስለዚህ ፔሳችሁ 4:57 ይሁን፣ 49:30 ትገባላችሁ። ትራክ ላይ አንዱ ዙር 1:59 ገደማ ነው። አለቀ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ በቅጥቅጥ መጥታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ሹፌር የእንጦጦን ዳገት ከሥሩ ጀምሮ ነዳጅ ረግጦ ይወጣዋል። ደስ ይላል፣ ሙዚቃውም ሞቅ ይላል። ግማሽ ላይ ሞተሩ ይፈላል፣ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ እኛም እንወርዳለን። ሌላው ሹፌር ማርሹን ቀንሶ፣ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ፣ እያዘገመ ይወጣል። ተሳፋሪው «ኧረ ንዳው!» ይለዋል። እሱ ግን የቆመውን መኪና አልፎ፣ ክላክስ አድርጎለት ይሄዳል። ያቺን ክላክስ እወዳታለሁ።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ግን ምን ተባልኩ? «ጉልበት እያለኝ መጀመሪያ ላይ ሰከንድ ልቆጥብ፣ ኋላ እበላዋለሁ።» አንድ ሰው ቢሆን አልፈው ነበር፣ ግን ብዙ ናችሁ። እኔም ቆጥቤ አይቼዋለሁ! የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች 4:30፣ 4:40፣ 4:55 ሮጥኩ። 55 ሰከንድ ቆጠብኩ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። አራተኛው ልክ 5:00፣ ከዚያ 5:05፣ 5:12፣ 5:20፣ 5:25፣ 5:20፣ መጨረሻው 5:05። ደምሩት፣ 50:32! 55 ሰከንድ ቆጥቤ 87 ከፈልኩ። ለምን? ከአቅም በላይ ስትሮጡ ኦክስጅኑ ለጡንቻው አይበቃም፣ ስለዚህ ሌላ መንገድ ይጠቀማል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ያደክማል። በዚያው ፍጥነት እየሮጣችሁ አታገግሙም፣ መቀነስ ግድ ነው።

4:57 የእናንተ ፔስ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ከውድድሩ አሥር ቀን ገደማ ቀደም ብላችሁ 2 ኪሎ ሜትር በ9:54 ሩጡ፣ 2 ደቂቃ እረፉ፣ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሦስተኛውም 9:54 ከሆነና ሁለት ሦስት ቃል መተንፈስ ከቻላችሁ ደርሳችኋል። 10:15 ከሆነ ግን ገና ነው፣ በእኔ አስተያየት ለጊዜው 52 አስቡ። ሱሉልታ ላይ ከሞከራችሁት ግን አትደንግጡ፣ እዚህ ከከተማው ከፍ ይላል፣ አየሩም ስስ ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ይበላል።

አንዲት ነገር ረሳሁ። በውድድር ቀን የጂፒኤስ ሰዓታችሁ ምልክቱ ጋ ሳትደርሱ «ጢጥ» ይላል፣ ኩርባውን በሰፊው እየዞራችሁ ከ10 በላይ ስለምትሮጡ ነው። መንገዱ ላይ የተተከለውን ምልክት እመኑ፣ ቁልፉንም እዚያ ስትደርሱ ራሳችሁ ተጫኑት። ዳገት ላይ ደግሞ ሰዓት አትዩ፣ ትንፋሽ አዳምጡ፣ እንደ ሁለተኛው ሹፌር።

ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ማይክ ልግዛበት። ኧረ ቅጥቅጡ መጣ፣ ቻው!