«ብዙዎቹ አይሠሩም» ብላችሁ አትጻፉ

በግዥና በንብረት ክፍል ሠራተኞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ስለ ብዙ ነገር እንድናገር ተጠይቄ ነበር። እኔ ግን የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲደርሰን ለአቅራቢው ስለምንጽፈው ኢሜይል ነው የማወራው። ሁላችንም ጽፈነዋል። ሁላችንም በንዴት ጽፈነዋል።

የአምፖሎቹን ነገር የምታስታውሱ አላችሁ። 40 ካርቶን፣ በየካርቶኑ 50፣ በድምሩ 2,000 አምፖል ገባልን። ካርቶኖቹ ተቆጠሩ። ቁጥሩ ልክ ነበር። «በጥሩ ሁኔታ ተረክበናል» ተብሎ ተፈረመ። አንድም ካርቶን አልተከፈተም።

ከስምንት ቀን በኋላ አንድ ካርቶን ወጪ ሆኖ ለቴክኒሻኖች ተሰጠ። ማታ ተናደው ተመለሱ። ግማሹ አይበራም፣ የበራውም ብልጭ ድርግም ይላል አሉ። እኔም ቁጭ አልኩና ጻፍኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የላካችሁልን አምፖል ጥራት የሌለው ነው። ብዙዎቹ አይሠሩም። በአስቸኳይ መፍትሔ እንፈልጋለን።»

መልሱ በማግስቱ መጣ። ትሕትና የተሞላበት ነበር። ስንቶቹ ናቸው? የትኛው ባች ነው? ፎቶ አላችሁ? የቮልቴጅ ችግር ይሆን እንዴ? ምን እንድናደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ? አምስት ጥያቄ። ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። የተበላሹትን አምጡልኝ ስል ቴክኒሻኖቹ ቆሻሻ ውስጥ ጥለዋቸዋል። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይጠይቃል፤ እንዲህ ስንባባል ሦስት ሳምንት ሄደ።

ያኔ አቅራቢው አጭበርባሪ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ኢሜይላችንን የሚያነበው ሰው ዕቃውን አላየውም። አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉን የሠራውም እሱ አይደለም። የእሱ ሥራ የእኛን ኢሜይል ለጥራት ክፍሉና ለአለቃው ማስተላለፍ ነው። አለቃው «ምንድን ነው ያሉት?» ሲለው «ብዙዎቹ አይሠሩም ይላሉ» ብሎ ገንዘብ ሊያስፈቅድልን ይችላል? አይችልም። እኛስ በእሱ ቦታ ብንሆን እንፈቅዳለን?

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርነው። የቀሩትን 39 ካርቶኖች ለይተን አስቀመጥን። «አይነካ» የሚል ወረቀት ለጠፍንባቸው። ካርቶኖቹን ገልበጥ አድርገን ስናይ ሁለት የባች ቁጥር አለ። 24ቱ 07፣ 15ቱ 09 ይላሉ። ይኼው ቁጥር በየአምፖሉ አንገት ላይ በደቃቁ ታትሟል፤ ወደ ብርሃን ካላዞራችሁት አይታይም። ያን ትንሽ ቁጥር ከመጀመሪያው አይተነው ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ሳምንት አይባክንም ነበር።

ከ07 ስድስት ካርቶን፣ ከ09 አራት ካርቶን ከፈትን። 500 አምፖል መሆኑ ነው። 20 ማቀፊያ ያለው ሰሌዳ አዘጋጅተን፣ እያንዳንዱን ዙር ለ10 ደቂቃ አበራን። 25 ዙር ነው፤ የመቀየሪያው ጊዜ ተጨምሮበት አንድ የሥራ ቀን ፈጀ። ከ07ቱ 300 አምፖል ሁለት ብቻ ተበላሸ። ከ09ኙ 200 ግን 46! ከእነዚህ 31ዱ ጭራሽ አልበሩም፣ 15ቱ ብርሃናቸው ይቆራረጣል። ቮልቴጁን ለካነው፣ 226 ነበር። አምፖሉ ላይ የተጻፈው ደግሞ ከ220 እስከ 240 ነው። የ09 አምፖል እምቢ ባለበት ማቀፊያ ላይ የ07 ስናስገባበት በራ። በእኔ እምነት ከሁሉም የከበደው ማስረጃ ይኼ ነው። «መስመራችሁን አስፈትሹ» የሚለውን መልስ ገና ሳይመጣ ይዘጋዋል።

ከዚያ የተጻፈው ኢሜይል ይኼ ነው፤ ላንብብላችሁ።

ርዕሱ፦ «የጥራት ጉድለት፦ የግዥ ትዕዛዝ 118፣ ባች 09፣ 750 አምፖል»

«በዚህ ትዕዛዝ 2,000 አምፖል ባለፈው ወር በ3 ተረክበናል። ጉድለቱን ያየነው በ11 ሲሆን በማግስቱ አሳውቀናል። ትናንት ከ10 ካርቶን 500 አምፖል ሞክረናል። ከባች 09 ከሞከርናቸው 200 ውስጥ 46 ጉድለት አለባቸው፤ ይህም 23 በመቶ ነው። ከባች 07 ከሞከርናቸው 300 ውስጥ ጉድለት የተገኘው በ2 ብቻ ስለሆነ በዚህ ባች ላይ ጥያቄ የለንም። የማስረከቢያው ሰነድ፣ የሙከራው ሠንጠረዥ፣ የካርቶኖቹና የአምፖሎቹ ፎቶ እንዲሁም ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ተያይዟል። በእጃችን ያሉትን 15 የባች 09 ካርቶኖች በራሳችሁ ወጪ እንድታነሱና በ14 ቀን ውስጥ በሌላ ባች 750 አምፖል እንድትተኩ እንጠይቃለን። ይህ ካልተቻለ የ750 አምፖሉ ዋጋ በክሬዲት ኖት ይመለስልን። ዕቃው ለምርመራችሁ እንዳለ ተቀምጧል። እስከ ረቡዕ መልሳችሁን እንጠብቃለን።»

አንድም የንዴት ቃል የለበትም። ስለ 07 የተጻፈውን ልብ በሉልኝ። «ሁሉንም 2,000 መልሱ ማለት ነበረብን፣ ከዚያ ድርድር ነው» ያለኝ ሰው ነበር። አይደለም! ደህናውን ዕቃ ብልሹ ነው ብዬ የጻፍኩ ቀን ስለ ብልሹው የጻፍኩትንም ማንም አያምነኝም።

መልስ በሁለት ቀን መጣ። 10 የተበላሹ አምፖሎች ለናሙና ወሰዱ። ከፍተው ሲያዩ ውስጡ ያለው ብየዳ የለቀቀ ነበር። በ12ኛው ቀን 750 አምፖል ተተካ። በመጀመሪያ ወጪ ለሆነችውና ብልሽቶቿ ለተጣሉባት ካርቶን ግን ሳንቲም አልተከፈለንም። የምናሳየው ነገር አልነበረንማ!

እና እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር። ሳንከፍት «በጥሩ ሁኔታ» ብለን የምንፈርመው እስከ መቼ ነው? ሦስት ካርቶን ለመክፈት ሩብ ሰዓት አይፈጅም! ጊዜ ከሌለ «ካርቶን ብቻ ተቆጥሯል፣ ውስጡ አልታየም» ብሎ ጽፎ መፈረም ይቻላል። ያቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ማን ከለከለን? የተበላሸውን የሚጥል ሰው ገንዘባችንን እየጣለ ነው! ይኼን ስል የምታዝኑብኝ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለምወዳችሁ ነው የምናገረው።

ስለ ጊዜው ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውል ስምምነት በሚገዛቸው ውሎች፣ ገዢ የጉድለቱን ዓይነት ለይቶ በተገቢ ጊዜ ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። የመጨረሻው ጣሪያ ከርክክብ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ያ ማለት ግን ሁለት ዓመት ዝም ማለት ይቻላል ማለት አይደለም። ውላችሁ ላይ የተጻፈው ቀን ከዚህ ሊያጥር ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ሙከራው ካላለቀ በዕለቱ አጭር ማሳወቂያ ላኩ፣ ዝርዝሩ በኋላ ይከተላል።

ስለ ፎቶ ደግሞ፣ የባች ቁጥሩና ጉድለቱ በአንድ ፎቶ ላይ ይታዩ። ለየብቻ ከተነሱ ፎቶው የማን ዕቃ እንደሆነ አያሳይም።

የሙከራውን ሠንጠረዥና ኢሜይሉን አባዝቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ውሰዱ። አመሰግናለሁ።