አራት ፓውዛና አንድ ኩራዝ

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከደሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል አንድ አሮጌ ደብተር እጄ ገባ። የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ አስተባብር በነበረ ጊዜ የያዝኩት ነው። አንዱ ገጽ ላይ የአዳራሹን መድረክ ስዬዋለሁ። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ሶኬቱ የት ነው?» ይላል። እሱን ሳነብ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣብኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለዚያ ቴአትር፣ እንዲያውም ስለ አንዷ ትዕይንት ብቻ ላውራችሁ።

ትዕይንቷ ይህች ናት። ሌሊት ነው። እናት ኩራዝ አብርታ ልጇን ትጠብቃለች። ሲነጋጋ በሩ ይንኳኳል። አለቀ። ስታነቧት ቀላል ናት። መብራቷን መሥራት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ያለን መብራት አራት ፓውዛ ነው። ሁለቱ ባለ 500 ዋት ሃሎጅን ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ባለ 50 ዋት ኤልኢዲ። ዲመር የለንም። መብራት ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፣ መሃል የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ፣ ልክ እናትን የምትጫወተው ልጅ መናገር ስትጀምር፣ መብራቱ ድርግም አለ። ብሬከሩ ወድቋል። መለስነው፣ ደግሞ ወደቀ። ፓውዛዎቹ በዝተው መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን አይደሉም። ብሬከሩ ባለ 10 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ይሸከማል። የእኛ አራቱ ፓውዛ ተደምረው 1,100 ናቸው፤ የድምፅ ማጉያው ቢጨመርም ገና ቦታ አለ። ታዲያ ምን ጣለው? ብሬከሩን አጥፍተን እያንዳንዱ ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር እየሰካን ሞከርን። ለካ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው የሻይ ክፍልም አብሮ ይጠፋል። ምድጃው በእኛ መስመር ላይ ነበር! ከዚያ በኋላ ልምምድና ትርዒት ባለ ቁጥር ሻዩ ቀድሞ ይፈላና ምድጃው ይነቀላል። ቀዩን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ቀን ነው። ፕላኑን ከመጋረጃና ከቀለም ጀምሬው ነበር። መጀመር የነበረበት ከሶኬቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚጠቀለል ማከፋፈያ ካላችሁ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ተጠቅልሎ ብዙ ዋት ሲያልፍበት ይግላል፤ ላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል።

መብራቱ መጥፋቱን ከተወልን በኋላ ሌላ ችግር መጣ። አራቱንም ፓውዛ ከፊት ለፊት መሬት ላይ ደርድረን ነበር። እናትየዋ ስትነሳ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ጣሪያ የሚደርስ ጥላ አብሯት ይነሳል። ሕዝቡ ጥላውን እንጂ እሷን አያይም። ፊቷም ከአገጯ ሥር በርቶ ያስፈራል።

መፍትሔው ከፍታ ነው። ብርሃኑ ከጎንና ከላይ፣ ሰያፍ ሆኖ ሲመጣ ጥላው ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ ፊትም ቅርጽ ያወጣል። የመድረክ መብራት ባለሙያዎች ከግራና ከቀኝ 45 ዲግሪ ይላሉ። እኛ ኮርኒሱን አላመንነውም። አራት ሜትር የሚሆኑ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎችን በግራና በቀኝ አቁመን ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰርናቸው። እያንዳንዱ ፓውዛ ከራሱ ማሰሪያ ሌላ ሁለተኛ ሽቦ አለው፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል። 45 አልደረስንም፣ ወደ 35 ዲግሪ ቢሆን ነው። ግን በቂ ነበር። ርቀቱም ጠቀመን። መብራትን ከ6 ሜትር ወደ 3 ሜትር ስታቀርቡት ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ሌላ ፓውዛ ከመለመን ያለውን ማቅረብ ይሻላል።

ቤቱንም ያን ጊዜ ነው ያንቀሳቀስነው። ግድግዳችን ከእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር። ከኋላው ግንብ አንድ ሜትር ተኩል ወደፊት አመጣነው። ነጭነቱ ግን ብርሃኑን ሁሉ እየመለሰ የልጅቷን ፊት አጠቆረው። ቀይ አፈር በውሃና በኮላ በጥብጠን ቀባነው። ሲደርቅ የጭቃ ቤት መሰለ፣ ፊቷም ወጣ። ከዚያ ወዲያ በመድረኩ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው የእሷ ነጠላ ብቻ ነው። ዓይን ወዲያው እዚያ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ በስልክ ፎቶ እንዳትፈትሹት። ስልኩ ጨለማውን ራሱ ያደምቅላችኋል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚታያችሁ ፊቷ ከሆነ ደርሳችኋል።

አሁን ኩራዙ። እውነተኛ እሳት በጨርቅና በእንጨት መሃል አይገባም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ኩራዙ ውስጥ ትንሽ ባለ ባትሪ አምፖል አደረግን። እሷ ግን ኩራዙን ታስመስላለች እንጂ ለፊት አትበቃም። ሃሎጅኑን ስናበራ ደግሞ ሌሊቱ እኩለ ቀን ይሆናል።

አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋሼ መጥተው አዩልን። «አብሽሩ፣ ሁለቱን በሲሪየስ ላድርግላችሁ» አሉ። ማለትም ሁለቱ ሃሎጅኖች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ይታሰራሉ። ያን ጊዜ 220ው ቮልት ለሁለት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 110 ይደርሰዋል። ብርሃኑ በግማሽ ብቻ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። ክሩ እንደ በፊቱ ስለማይግል ነጭነቱ ይጠፋና የጋዝ መብራት የመሰለ ብርቱካናማ ይሆናል። ሲያበሩት ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ኩራዝ!» አሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ይህን ግን ተማሪ አይነካውም። ጋሼ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አስረውት፣ ከውጭ ማብሪያውን ብቻ ነው የተውልን። ደካማ ጎንም አለው፤ አንዱ ከተቃጠለ ሁለቱም ይጠፋሉ። መለዋወጫ አምፖል ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለቱንም ሃሎጅኖች ኩራዙ ባለበት በግራ በኩል አደረግናቸው፣ አንዱን በአጣናው ላይ፣ አንዱን ከመድረኩ ጎን ተደብቆ በጠረጴዛ ከፍታ። ከጨርቅ አንድ ሜትር አራቅናቸው። ጥላዋ ሁሌ ወደ ቀኝ ስለሚወድቅ ሕዝቡ ብርሃኑ ከኩራዙ እንደሚመጣ አምኗል። በቀኝ በኩል ካሉት ኤልኢዲዎች አንዱን በመስኮቱ ፍሬም አሳልፈን ጨረቃ አደረግነው። ነጭ ብርሃን ከብርቱካናማው ጎን ሲሆን ሰማያዊ ይመስላል። ሴሎፎን እንኳ አላስፈለገንም።

ቀሪው ንጋቱ ነበር። ትርዒቱ ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ በጠራራ ቀን። ልጆቹ ማታ ወደ ቤት እንዴት ይሄዳሉ ብለን ነው። መስኮቶቹን ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ሸፈንን፤ በሮቹን ግን አልነካናቸውም። አንዷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ ፀሐይ ውጭ እያለ ንጋትን በፓውዛ ለምን እንሠራለን?» አለችኝ።

የቀኙን መስኮት ላስቲክ በገመድ ወደ ላይ የሚጠቀለል አደረግነው። በዚያው ሰዓት ሁለት ቀን ተለማመድን፤ አንዱ ቀን የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ነበር፣ ያም ሆኖ የመስኮቱ ብርሃን ከፓውዛዎቻችን በለጠ። በትርዒቱ ቀን በሩ ሲንኳኳ ያቺው ጠያቂዋ ተማሪ ገመዱን ቀስ እያለች፣ እስከ ሃያ እየቆጠረች ሳበችው። እናትየዋ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ኩራዙን እፍ ስትል እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ማብሪያውን ዘጋሁ።