የልቦለዱን መጨረሻ በፖል መጠየቅ፦ ድምፅ ሰጥቶ ዝም የሚለውን አንባቢ እንዴት እናናግረው?

[በስክሪኑ ላይ፦ «መጨረሻውን ወደዳችሁት? አዎ / አይ»]

ይህን ፖል በመጽሐፍ ክበብ ገጾች ላይ ደጋግማችሁ አይታችሁታል። ድምፅ ይሰበሰብበታል፣ ኮመንት ግን የለም። «አዎ» ያለው ሰው የሚጨምረው የለውም፤ «አይ» ያለውን ደግሞ ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ ሁለት ፖስቶችን እናያይዛለን፦ መጀመሪያ ፖል፣ በማግስቱ ደግሞ ከፖሉ ውጤት የሚወጣ ጥያቄ።

መለማመጃ የሚሆነን ልቦለድ እንፍጠር። አንዲት እህት የጠፋ ወንድሟን ለዓመታት ስትፈልግ ትኖራለች። በመጨረሻው ምዕራፍ ከእሱ የተላከ ደብዳቤ ይደርሳታል። ሳትከፍተው ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ መጽሐፉ እዚያው ያልቃል።

እዚህ መጨረሻ ላይ አንባቢን የሚከፋፍለው «ያምራል ወይስ አያምርም» አይደለም፤ ደብዳቤውን ለምን አልከፈተችም የሚለው ነው። ፖሉ መቆም ያለበት እዚያች አንዲት ውሳኔ ላይ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ]

«ደብዳቤውን ያልከፈተችው ለምንድን ነው? ሀ. ፈርታ። ለ. ገና ስላልተዘጋጀች። ሐ. ይቅር ስላላለችው። መ. ሌላ።»

ረቂቁ ሦስት ችግር አለበት። «ፈርታ» እና «ገና ስላልተዘጋጀች» ለብዙ ሰው አንድ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸው አንባቢዎች ለሁለት ይከፈሉና ሦስተኛው አማራጭ ያለ አግባብ ያሸንፋል። «ሌላ» ደግሞ ማሰብ የሰለቸው ሁሉ የሚጫነው ነው፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ኮመንት ላይ ቢጽፈው ይሻላል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፦ ጥያቄው ራሱ መጨረሻውን አውጥቶታል። መጽሐፉን ግማሽ ላይ ያደረሰ ተከታይ ፖሉን ሲያይ ደብዳቤ እንደሚመጣም እንደማይከፈትም አወቀ ማለት ነው።

ቴሌግራም ላይ በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃላቱን መርጣችሁ Spoiler በሚለው መሸፈን ትችላላችሁ። የፖልን ጥያቄና አማራጮች ግን በዚህ መንገድ መሸፈን ላይ አትመኩ፤ መከላከያው አጻጻፉ ነው። ድርጊቱን ትታችሁ ቦታውን ጥሩ። ጨርሶ ያነበበ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ያልጨረሰው ምንም አያገኝበትም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተስተካከለው ፖል]

«የመጨረሻው ገጽ ላይ ለምን እንዲያ አደረገች?
— ይቅር ስላላለችው
— ይቅር ስላለችው፣ ከዚህ በላይ ማወቅ ስለማያስፈልጋት
— እውነቱን መስማት ስለፈራች
— ገና አልጨረስኩም»

የመጨረሻዋ አማራጭ ለጨዋነት ብቻ የገባች አይደለችም። ቴሌግራም ላይ ሰው በተለምዶ ውጤቱን የሚያየው ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው። ያልጨረሰ ሰው ውጤቱን ለማየት ጓጉቶ ያገኘውን ይጫናል፤ ውጤታችሁም ባላነበቡት ሰዎች ድምፅ ይበከላል። መውጫ በር ስትሰጡት እዚያ ይጫናል፣ እናንተም መጽሐፉ ገና በእጁ ያለው ምን ያህል ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቅንብሩ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። Quiz Mode ን አትንኩት፤ እሱ አንዱን መልስ ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ያደርጋል። የልቦለድ ትርጓሜ ላይ «ተሳስተሃል» የተባለ አንባቢ ተመልሶ አይከራከርም። ብዙ አማራጭ መምረጥንም ዝጉት፤ ሰው አንዱን ለመምረጥ ሲገደድ ነው ምክንያት የሚኖረው። ከመልቀቃችሁ በፊት ፊደል አርሙ።

ፌስቡክ ላይ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ይቅር ብላለች ካላችሁ ላይክ፣ አላለችም ካላችሁ ልብ» የሚለው ዘዴ ብልሃት ይመስላል። ፌስቡክ ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሪአክሽን ድምፅ የሚያሰጡ ፖስቶችን ለጥቂት ሰው ብቻ እንዲታዩ እንደሚያደርግ አሳውቋል። ገጹ ፖል ከሌለው ጥያቄውን በቀጥታ ጻፉና መልሱን በኮመንት ተቀበሉ።

[በስክሪኑ ላይ፦ የማግስቱ ውጤት]

እንበል 120 ሰው ድምፅ ሰጠ። 58ቱ ይቅር አላለችውም አሉ፣ 31ዱ ይቅር ብላዋለች አሉ፣ 12ቱ ፈርታ ነው አሉ፣ 19ኙ ገና አልጨረሱም። ስክሪኑ ለመጀመሪያው 48 በመቶ ያሳያችኋል። ያልጨረሱትን 19 ስትቀንሱ ግን የጨረሱት 101 ናቸው፣ 58ቱም 57 በመቶ ይሆናሉ። ውጤት ስትናገሩ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ተጠቀሙ፤ የአንባቢውን ሐሳብ የሚያሳየው እሱ ነው።

አሁን ጥያቄው። የብዙ አድሚኖች ልማድ አሸናፊውን ማወጅ ነው፦ «አብዛኞቻችሁ ይቅር አላለችውም ብላችኋል፣ እናመሰግናለን!» ነገሩ እዚያው ተዘጋ። የሚያናግረው የተሸነፈው ወገን ነው። 31ዱ ሰዎች ብዙኃኑ ያላየውን ነገር አይተዋል፤ እሱን ጠይቋቸው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የጥያቄው ፖስት]

«31 ሰዎች ይቅር ብላዋለች ብላችኋል። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ይህን የሚጠቁም አንድ ቦታ ካለ ምዕራፉን ንገሩን። የማትስማሙም የሚያፈርሰውን ቦታ አምጡ።»

ጥያቄው ማስረጃ እንጂ ስሜት አይጠይቅም። «መጨረሻው ምን ተሰማችሁ?» ሲባል ሰው ድርሰት የተጠየቀ ይመስለውና ያልፈዋል። አንድ ምዕራፍ ጠቁም ሲባል ግን ሥራው ትንሽ ነው፣ ከመጽሐፉም አያርቀውም። ገጽ ሳይሆን ምዕራፍ ያልነው የተለያየ እትም ወይም የስልክ ቅጂ ያላቸው አንባቢዎች የገጽ ቁጥራቸው ስለማይገናኝ ነው። በአንድ ፖስት ሁለተኛ ጥያቄ አትጨምሩ፤ ሰው ቀላሉን ብቻ ይመልስና ይሄዳል። ኮመንቶቹ መጨረሻውን ስለሚያወጡ የፖስቱ የመጀመሪያ መስመር «ያልጨረሳችሁ ኮመንቶቹን አትክፈቱ» ይበል።

የመጀመሪያዎቹ ኮመንቶች ሲመጡ እዚያው ሁኑ። አንድ አንባቢ «ምዕራፍ ስድስት ላይ ፎቶውን ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቅላዋለች» ብሎ ቢጽፍ «ጥሩ አስተያየት» አትበሉት፤ እሱ ውይይቱን ማሰናበቻ ነው። «ታዲያ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ለምን አወረደችው?» በሉት። ሌላው አንባቢ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ሠርቷል ወይ የሚለውን በድምፅ ብዛት አትለኩት። ድምፅ መስጠት አንድ ንክኪ ነው። የምታዩት ሁለት ነገር ነው፦ ከአንድ ቃል በላይ የሆኑ ኮመንቶች ስንት ናቸው? አንባቢዎች ለእናንተ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የመለሱትስ ስንት ነው? ከቀደሙት ሦስት ፖስቶቻችሁ ጋር አስተያዩት። ድምፁ ጨምሮ ኮመንቱ ካልጨመረ መጀመሪያ አማራጮቹን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ አማራጭ አብዛኛውን ድምፅ ጠቅልሎ ወስዷል፣ የሚከራከርም አልቀረም ማለት ነው።

በመጨረሻ እነዚያን 19 ሰዎች አትርሷቸው። መጽሐፉን ሲጨርሱ አዲስ ፖል አትክፈቱላቸው፤ ድምፁ ይበታተናል። የቀድሞውን ፖል ፎርዋርድ አድርጉት፤ ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ፖል ድምፁን እዚያው በዋናው ላይ ይደምራል። «ገና አልጨረስኩም» ያሉትም ድምፃቸውን አንስተው እንደገና መምረጥ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ፖሉ ክፍት ከሆነ ነው። Stop Poll ን አንዴ ከተጫናችሁት መልሶ አይከፈትም፤ ስለዚህ ውጤቱን በሁለተኛው ቀን ብታሳውቁም ፖሉን አትዝጉት።