አንድ ዱላ፣ ሁለት ትምህርት

ውድ መምህራን፣ ወላጆች፣ የትምህርት ቤት አመራሮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት ከሳቢያንም፣ ከከዚራም፣ ከመልካ ጀብዱም ተነስታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ክላሲካል እና ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ የሚባሉት ሁለት የመማር መንገዶች ናቸው። አብዛኞቻችሁ በሥልጠና ጊዜ ስላይዱን አይታችሁታል። በግራ በኩል ፓቭሎቭና ውሻው፣ በቀኝ በኩል ስኪነርና አይጡ። መሐል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ መስመር ለመናገር ነው። መስመሩ ልጆቻችንን ጎድቷል።

መጀመሪያ ልዩነቱን እናንሳ። ፓቭሎቭ ሩሲያዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት ነው። ውሻው ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ምግብ ይመጣለታል። ይህ ሲደጋገም በድምፁ ብቻ ምራቁ መፍሰስ ይጀምራል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውሻው ምራቁ ባይፈስስ ኖሮ ምግቡ ይቀርበት ነበር? አይቀርበትም። ምራቁ ፈሰሰም አልፈሰሰም ምግቡ ይመጣል። ክላሲካል ማለት ይህ ነው። አንዱ ነገር ሌላውን ያስጠብቃል፣ ሰውነት ደግሞ ቀድሞ ይዘጋጃል። የእንስሳው ሥራ ውጤቱን አይለውጠውም።

የዚህ ከተማ ሰው ይህን ለማወቅ ውሻ አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የወሰደብንን እናውቃለን። ከዚያ ሌሊት የተረፈ ሰው ዛሬም በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ልቡ ይመታል። እዚህ ታች ጠብ ሳይል እንኳ። የሌሊት የውኃ ድምፅ ከእንቅልፉ ያስነሳዋል። ማንም ልቡን «ምታ» አላለውም። ልቡ መታም አልመታም ጎርፉ መጥቷል። ድምፁና ጎርፉ አብረው ስለመጡ ብቻ ሰውነቱ አንዱን ከሌላው አሰረው።

አሁን ወደ ሐረር እንውጣ። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ የሚያበላውን ሰው ያላየ እዚህ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጅቦቹን ይጣራል፣ እነሱም ይመጣሉ፣ ከእንጨቱ ጫፍ ሥጋውን ይወስዳሉ። እስቲ ያንኑ ጥያቄ እንመልሰው። ጅቡ ባይጠጋ ሥጋውን ያገኛል? አያገኝም። ሥጋው የሚመጣው በመጠጋቱ ነው። ስለዚህ በማግሥቱም ይጠጋል። ኦፐራንት ይህ ነው። ሥራው ይቀድማል፣ ውጤቱ ይከተላል፣ ውጤቱም ሥራውን ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል። ከስኪነር በፊት ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. ድመቶችን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ያሳየው ይህንኑ ነው። ስኪነር በአይጥና በእርግብ አሰፋው።

ግን ጅቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰውየውን ጥሪ ሲሰማ፣ የሥጋውን ዘንቢል ሲያይ፣ አፉ ውስጥ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ዘንቢሉና ጥሪው ከሥጋ ጋር ስንት ማታ አብረው መጥተዋል! ምራቁም እግሩም የሚንቀሳቀሱት በአንድ ጊዜ ነው። ምራቁ የፓቭሎቭ ነው፣ እግሩ የስኪነር ነው፣ ጅቡ ግን አንድ ነው። ስላይዱ ላይ ያለው መስመር በጅቡ ውስጥ የለም።

በልጅም ውስጥ የለም። የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። አምስተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ መምህሩንም አልጠራም። ልጁ ወደ ሰሌዳ ወጣና ግማሽና ሲሶን ደምር ተባለ። ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ደመረና 2/5 ብሎ ጻፈ። ይህን ስህተት ሒሳብ ያስተማራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ልጁ የሙሉ ቁጥር ደንቡን ወደ ክፍልፋይ ይዞት ገብቷል። ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ቁጥር እንደማይገኝ በአንድ ዳቦ ማሳየት ይቻል ነበር። መልሱ 5/6 መሆኑንም ራሱ ያገኘው ነበር። መምህሩ ግን መዳፉን አስዘርግቶ መታው።

መምህሩ ስላይዱን ተምሯል። «ቅጣት ባሕርይን ይቀንሳል» ይላል ስላይዱ። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ግን የትኛውን ባሕርይ? ከዱላው በፊት ልጁ ያደረገውን ቁጠሩልኝ። ተነሳ። ወደ ሰሌዳ ሄደ። ጠመኔ ያዘ። ሞከረ። ጻፈ። ከዚያ ተመታ። ቅጣቱ የወደቀው በክፍልፋይ ደንብ ላይ አይደለም፣ ደንቡንማ ማንም አላረመለትም። የወደቀው በመሞከሩ ላይ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ እጁን አላወጣም። ሲጠየቅ ዝም ይላል። መምህሩ ሰነፍ ሆነ አለ። ሰነፍ አልሆነም! የተማረውን በትክክል ተማረ!

ይህ በቀኝ በኩል ያለው የስላይዱ ክፍል ነው። በዚያችው ደቂቃ ግን ግራውም ይሠራል። ጠመኔ፣ ሰሌዳ፣ የመምህሩ የጫማ ድምፅ፣ የሒሳብ መጽሐፉ ሽፋን፣ ሁሉም ከሕመም ቀድመው መጡ። ፓቭሎቭ የፈለገው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፣ ምልክቱ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ከባዱ ነገር ወዲያው ይከተላል። ፍርሃት ደግሞ እንደ ምራቅ ብዙ ድግግሞሽ አይጠይቅም፣ ኃይለኛ ከሆነ ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። ዋትሰንና ሬይነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1920 እ.ኤ.አ. ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ያንን አሳይተዋል። ነጭ አይጥ ሲቀርብለት ከጀርባው ብረት በመዶሻ መቱ። ብዙም ሳይደጋግሙት ሕፃኑ አይጡን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ያ ሙከራ ዛሬ ቢሆን አይፈቀድም ነበር። እኛ ግን በየክፍሉ ስንሠራው ፈቃድ የሚጠይቀን የለም።

ልጁ ሒሳብ ባለበት ቀን ጠዋት ሆዱን ያመው ጀመር። እናቱ ውሸት መሰላት። ውሸት ነው ወይስ እውነት? መለያው ቀላል ነው። ሽልማት ሊለውጠው የሚችለውንና የማይችለውን ለዩ። «ዛሬ ከሄድክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ብትለው እግሩ ሊሄድ ይችላል። የመዳፉ ላብና የልቡ ምት ግን ለብስክሌት ብሎ አይቆምም። የሆዱ ቁርጠት እውነተኛ ነው፣ በግራ በኩል የተማረው ነው። ቤት መቅረቱ ደግሞ በቀኝ በኩል የተማረው ነው። እናት ሻይ አፍልታ «ተኛ በቃ» ስትለው ፍርሃቱ ወረደ። ያ እፎይታ ዋጋ ሆነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሕመሙ ማለዳ መጣ፣ አራት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ኳስ ይጫወት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ይህን መልክ ስታዩ ሁለቱ ተጋግዘው እንደያዙት ዕወቁ።

ሞውረር የሚባል ተመራማሪ በ1947 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር በአንድ ላይ አስቀምጦታል። ፍርሃቱ በክላሲካል ይገባል፣ መሸሹ በኦፐራንት ይጸናል። የሚሸሽ ልጅ ደግሞ ሰሌዳው ሳይመታው እንደሚያልፍ የሚያይበት አጋጣሚ አያገኝም። ስለዚህ ፍርሃቱ አይከስምም፣ ዓመት ቢያልፍም።

«ግን ዱላ ይሠራል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል» የሚል መምህር አውቃለሁ። አዎ፣ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ግን ማንን አስተማረ? መምህሩ ጫጫታ አስጨነቀው፣ መታ፣ ጫጫታው ወዲያው ቆመለት። የሚያስጨንቅ ነገር በሥራችን ምክንያት ሲወገድልን ያንን ሥራ እንደጋግመዋለን። ስላይዱ አሉታዊ ማጠናከሪያ የሚለው ይህን ነው፣ ብዙዎቻችን በፈተና ላይ ከቅጣት ጋር የምናምታታው። ልጁ የተቀጣ ሲሆን መምህሩ ተሸልሟል! በየቀኑ የሚሸለም ሰው ደግሞ ዱላው እንደማይጠቅም ከየት ያውቃል? ከዚያ ላይ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። ከጸደቀ ሰላሳ ዓመት አልፎታል። አሁንም በየመምህራን ክፍሉ ጥግ አርጩሜ ቆሟል!

እንግዲህ ልጁ እንዴት ይመለሳል? ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ነበራት። የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን ከሩቅ አስቀመጠችለት። ሲረጋጋ ቀስ እያለች አቀረበችው። በመጨረሻ ዳሰሰው። ሌላ መምህር ለኛም ልጅ ያደረገለት ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ብቻ እንዲጽፍ ጠየቀው። ቀጥሎ ደብተሩ ላይ በትክክል የሠራውን እንዲገለብጥ። ቀጥሎ የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር ብቻ። ሲሳሳት ስህተቱን አብረው አዩት፣ መሞከሩ ተመሰገነ። ላቡ ከመጣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መለሰው። እናትም ሕመም ባለበት ቀን እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብራው ትሄድ ጀመር፣ ቤት መቅረት ቀረ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከክረምት እረፍት በኋላ ፍርሃቱ እንደገና ብቅ ሊል ይችላል። ድንገተኛ መመለስ ይባላል፣ የሚጠበቅ ነው። ብዙ መምህር እዚያ ጋ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። አትተዉት፣ ከቀላሉ ደረጃ እንደገና ጀምሩ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይፈጥናል። አንድ ዱላ ግን የወራቱን ሥራ ሊያፈርሰው ይችላል።

ስለ ሽልማት አሰጣጥ ጊዜና ስለ ሌሎቹ ስላይዶች ከሰዓት በቡድን ትወያያላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለሚቀጥለው ሥልጠና ስላይዱን የምታዘጋጁ ሰዎች እዚህ አላችሁ። ውሻውንና አይጡን አንድ ገጽ ወደ ኋላ ውሰዱልኝ። ፊት ለፊት የኛን ክፍል አስቀምጡ፦ ልጅ፣ ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ዱላ። ሥሩ ሁለት ጥያቄ ጻፉ። ከዱላው በፊት ልጁ ምን እያደረገ ነበር? ከዱላው በፊት ልጁ ምን እያየና እየሰማ ነበር? ሠልጣኙ ሁለቱንም ሳይመልስ ወደሚቀጥለው ስላይድ አትለፉ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ከዚህ ከፊት ረድፍ እንጀምር።