በጓሮ በር የገባ ቃል
በምስለ ችሎት ውድድር መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ዳኞች፣ መምህራን፣ ተወዳዳሪዎችና እንግዶች፤

አዘጋጆቹ «ስለ ስሚ ስሚ ማስረጃና ስለ ዋና ዋና ልዩ ሁኔታዎቹ ትንሽ ተናገሩ» ብለውኛል። ልዩ ሁኔታዎቹ በአሜሪካው የፌዴራል የማስረጃ ደንብ ብቻ ከሃያ በላይ ናቸው። ሁሉን ልዘርዝር ብል ተወዳዳሪዎቹ ሳይከራከሩ ይመሻል። ስለዚህ አንዱ ላይ እቆያለሁ፤ ለሌሎቹ ጊዜ ከተረፈኝ እነካካቸዋለሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አምና እዚሁ አዳራሽ የነበራችሁ የፍጻሜውን ክርክር አትረሱትም። ዐቃቤ ሕጉን ወክሎ የቆመው ተወዳዳሪ ምስክሩን «ሟች ምን አለችህ?» ብሎ ጠየቀ። ምስክሩ «ባሌ ሊገድለኝ እየዛተ ነው አለችኝ» አለ። የተከላካዩ ወገን ብድግ ብሎ «ስሚ ስሚ ነው!» ሲል፣ ጠያቂው ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቃሉ የቀረበው ለእውነትነቱ አይደለም፤ የሟችን የአእምሮ ሁኔታ ለማስረዳት ነው» አለ። መቃወሚያው ወደቀ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የድሮ ባልደረባዬ «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ ነው የምመልስላቸው።

ስሚ ስሚ ማለት ከችሎት ውጭ የተነገረ ወይም የተጻፈ ቃል፣ የያዘው ነገር እውነት መሆኑን ለማስረዳት ሲቀርብ ነው። ደንቡ እንዲህ ዓይነቱን ቃል የሚከለክልበት ምክንያት ቀላል ነው። አየሁ ያለው ሰው ችሎት ፊት የለም። አሳስቶ አይቶ ይሆናል፤ ያየውን ረስቶ፣ ሌላ ለማለት ፈልጎ ወይም ጭራሽ ዋሽቶ ይሆናል። ይህን የሚፈትነው መስቀለኛ ጥያቄ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የቆመውን ምስክር ግን የፈለግከውን ያህል ብታፋጥጠው «እንዲህ ብላ ነገረችኝ» ከማለት በቀር የሚጨምርልህ የለም።

የትርጉሙ ሁለተኛ ግማሽ፣ ማለትም «እውነት መሆኑን ለማስረዳት» የሚለው፣ ቀልድ አይደለም። በ1956 የእንግሊዝ ፕሪቪ ካውንስል ከማላያ የመጣ የሱብራማኒያም የተባለ ሰው ይግባኝ አየ። ሰውየው ጥይት ይዞ ተገኝቶ የሞት ፍርድ ተፈርዶበታል። መከላከያው «ሽፍቶች ይዘውኝ ነበር፤ አስፈራርተው ነው ያስያዙኝ» የሚል ነበር። የሥር ዳኛው ግን ሽፍቶቹ ያሉትን እንዳይናገር ስሚ ስሚ ነው ብለው ከለከሉት። ፕሪቪ ካውንስሉ ፍርዱን ሻረ። «እንገድልሃለን» ያሉት ሰዎች ከልባቸው ይሁን ለማስፈራራት ብቻ ለጉዳዩ ለውጥ የለውም፤ ዛቻው መነገሩና እሱ ጆሮ መግባቱ በራሱ ነው ቁም ነገሩ። እንግዲህ ፈተናው ይኸው ነው፦ ቃሉ ውሸት ቢሆንስ? ውሸትም ሆኖ ለጭብጡ የሚጠቅም ከሆነ ስሚ ስሚ አይደለም። ውሸት ሲሆን የማይረባ ከሆነ ግን፣ ጠበቃው ምንም ስም ያውጣለት፣ ስሚ ስሚ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ፎርት ራይሊ በአሜሪካ ካንሳስ ያለ የጦር ሰፈር ነው። በ1929 እዚያ ቻርልስ ሼፐርድ የተባለ ሻለቃ ሐኪም ከሚስቱ ከዜናና ጋር ይኖር ነበር። ሻለቃው ሌላ ሴት ወዷል፤ ሊያገባትም ይፈልጋል። ግንቦት 20 ቀን ሚስቱ ራሷን ስታ ተገኘች፤ ትቃዣለች፣ ትሠቃያለች። ከሁለት ቀን በኋላ አእምሮዋ ተመለሰና አስታማሚ ነርሷን ከባሏ ክፍል የዊስኪ ጠርሙስ እንድታመጣላት ጠየቀቻት። ጠርሙሱ ሲመጣ «ከመውደቄ በፊት የጠጣሁት ይህን ነው፤ መርዝ እንዳለበት ለመመርመር የሚበቃ ቀርቷል? ሽታውም ጣዕሙም እንግዳ ነበር» አለች። ቀጥላም «ዶክተር ሼፐርድ መርዞኛል» አለች። ሰኔ 15 ቀን ሞተች። ሻለቃው በሜርኩሪ መርዝ ገድለሃታል ተብሎ ተከሰሰ፤ ጥፋተኛ ተብሎም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ዐቃቤ ሕጉ የነርሷን ምስክርነት ያስገባው በሟች ቃል በር ነው። በዚህ ልዩ ሁኔታ መሠረት፣ መሞቱን ያወቀ ሰው ስለ አሟሟቱ የተናገረው ቃል ባይምልም፣ መስቀለኛ ጥያቄ ባይቀርብለትም ተቀባይነት አለው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ፈጣሪው ፊት ሊቀርብ የተዘጋጀ ሰው አይዋሽም የሚል ነው። ነርሷም ሟች «አልድንም፣ እሞታለሁ» ማለቷን ጨምራ መሰከረች።

ጉዳዩ በ1933 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ካርዶዞ ነበሩ። እሞታለሁ ብሎ መፍራት አይበቃም አሉ። ተስፋው የተቆረጠ፣ ሞት ደጃፉ ላይ መድረሱን ያወቀ ሰው መሆን አለበት። ግንቦት 22 ቀን ዜናና እንዲያ አልነበረችም። አእምሮዋ ጠርቷል፤ የተሻላትም ይመስላል፤ ከሐኪሞቿ አንዱም አደጋ ላይ ናት ብሎ አላሰበም። ሕመሙ ያገረሸባት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንኳ፣ በጠና ታማ ሳለች፣ አንዱን ሐኪሟን «ታድነኛለህ፣ አይደለም?» ብላዋለች። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ካርዶዞ ሌላም ጨመሩ፤ የሟች ቃል ቢሆን እንኳ ተናጋሪው ያወቀውን እንጂ የጠረጠረውን ሊሆን አይገባም። ዜናና ባሏ መርዝ ሲጨምር አላየችም፤ ከጠርሙሱና ከጣዕሙ ተነሥታ የደረሰችበት ግምት ነው። በር ቁጥር አንድ ተዘጋ።

መንግሥት ይሄኔ ምን አለ? አምና ያጨበጨባችሁለትን ነገር ነዋ! «ቃሉ ለእውነትነቱ አይደለም። መከላከያው ሟች ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ነበራት ብሏል፤ እኛ ደግሞ ለመኖር ትፈልግ እንደነበር ማሳየታችን ነው።» ልብ በሉ፣ ክርክሩ ቂል አይደለም። ባሌ መረዘኝ ብላ የምትከስ ሴት ራሷን አልመረዘችም ማለት ያስኬዳል። ካርዶዞ ግን ሁለት መልስ ሰጡ። አንደኛው፣ ቃሉ በሥር ችሎት የቀረበው ባልየው መርዟታል ለማለት እንደ ማስረጃ ነው፤ ማንም ለጁሪው፣ ማለትም ፍርድ ለሚሰጡት ተራ ዜጎች፣ «ለዚህ ብቻ ተጠቀሙበት» አላለም። በይግባኝ ደረጃ ዓላማውን መለወጥ ተከሳሹን ባላወቀው ነገር መዳኘት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፦ ተብሎስ ቢሆን ጁሪው «ዶክተር ሼፐርድ መርዞኛል» የሚለውን ሰምቶ ሼፐርድን ከሐሳቡ አውጥቶ ስለ ሟች የመኖር ፍላጎት ብቻ ያስባል ወይ? የክሱ ቃል ጩኸት ደካማውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል አሉ። የማስረጃ ደንብ የተሠራው ለተራ ሰው አእምሮ እንጂ ለሥነ ልቦና ሊቃውንት አይደለም። ፍርዱ ተሻረ።

ልብ አድርጉ፤ ካርዶዞ የአእምሮ ሁኔታን በር ጨርሰው አልዘጉትም። ያ በር በ1892 በሂልሞን ጉዳይ ተከፍቷል። የሕይወት መድን የገባው ሂልሞን ሞተ ተባለ፤ የመድን ድርጅቶቹ ግን ሬሳው ዋልተርስ የተባለ የሌላ ሰው ነው አሉ። ዋልተርስ ከመጥፋቱ በፊት ሂልሞን ከሚባል ሰው ጋር ልሄድ ነው ብሎ ለእጮኛው ጽፎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደብዳቤው ሐሳቡን ያሳያል፣ ሐሳቡም መሄዱን ይጠቁማል ብሎ ተቀበለው። «ልሄድ ነው» ወደ ፊት ያያል። «መረዘኝ» ግን ወደ ኋላ ያያል፤ ሌላ ሰው ያደረገውን ይተርካል። እንዲህ ያለው ትረካ የአእምሮ ሁኔታ ነው እየተባለ ከገባ የስሚ ስሚ ደንብ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ምክንያቱም ሰው የተናገረው ነገር ሁሉ ያመነውን ያሳያላ! በ1975 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብም ይህንኑ መስመር ይዟል፤ የአሁን ስሜትንና ሐሳብን ይፈቅዳል፣ ትዝታን ወይም እምነትን ግን የታመነውን ነገር ለማስረዳት አይፈቅድም፤ ልዩነቱ የተናጋሪው ኑዛዜ ጉዳይ ሲሆን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ አምናው ተወዳዳሪ። «ባሌ እየዛተ ነው» ባልየው ስላደረገው ነገር ወደ ኋላ የሚያይ ቃል ነው። የሟች አእምሮ ደግሞ በክርክሩ ውስጥ ጭብጥ አልነበረም! ራሷን አጠፋች ያለ የለም፤ ቀድማ አጠቃችው ያለ የለም፤ አደጋ ነው ያለም የለም። ተከሳሹ ያለው «እዚያ አልነበርኩም» ነው። ታዲያ የሟች ፍርሃት ምን ያስረዳል? ምንም! የሚያስረዳው ነገር ቢኖር ባልየው መዛቱን ነው፤ ያ ደግሞ ቃሉ እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ነው ያጨበጨብንለት። ተቃዋሚው ወገንስ? መቃወሚያው ሲወድቅ ዝም ብሎ ተቀመጠ! «የሟች አእምሮ ለየትኛው ጭብጥ ነው የሚያስፈልገው?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ዐቃቤ ሕጉ መልስ አልነበረውም። ያም ባይሳካ፣ ጎጂነቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ብሎ መከራከር ይችል ነበር፤ እሱም ባይሳካ ቢያንስ ለጁሪው «ለዚህ ብቻ ተጠቀሙበት» የሚል ገዳቢ መመሪያ ይሰጥልኝ ማለት ነበረበት።

የቀረኝን ጊዜ ለሁለት በሮች ላብቃቃው።

አንደኛው በድንጋጤ ውስጥ የተነገረ ቃል ነው። ምክንያቱ፣ ለማቀናበር ጊዜ ያላገኘ ሰው አይዋሽም የሚል ነው፤ ምን ያህል ያስተማምናል የሚለው ያከራክራል፣ የደነገጠ ሰው አሳስቶ ያያልና። እዚህ ላይ የ1971ዱን የራተንን ጉዳይ አንብቡ። ሚስቱን በጥይት የገደለ ባል ጠመንጃ ስጠርግ ባረቀብኝ አለ፤ የስልክ ኦፕሬተሯ ግን ከዚያ ቤት አንዲት ሴት እያለቀሰች «ፖሊስ አገናኙኝ» ማለቷን መሰከረች። ባልየው ሚስቴ አልደወለችም ብሎ ስለነበር መደወሏ ራሱ ጭብጥ ሆነ። ለእውነትነቱ አይደለም የሚለው አባባል በሐቅ ሲሠራ ይህን ይመስላል።

ሁለተኛው የሥራ መዝገብ ነው። በእንግሊዝ ማየርስ የተባለ ሰው የተሰረቁ መኪናዎችን በሌላ መኪና ሰነድ ይሸጥ ነበር። ፋብሪካው በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በመዝገብ ይዟል፤ የጻፈው ሠራተኛ ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በጠባብ ድምፅ ስሚ ስሚ ነው፣ አይገባም አለ። ሠራተኛው ቢገኝስ ከሺህ ቁጥሮች አንዱን ያስታውስ ነበር ወይ? ፓርላማው በ1965 በሕግ አስተካከለው። ተወዳዳሪዎች፣ መዝገብ ስታቀርቡ በወቅቱ መጻፉን፣ በመደበኛ ሥራ መጻፉንና መረጃውን የሰጠው ነገሩን የሚያውቅ ሰው መሆኑን አስረዱ፤ ከዚያ በላይ ለዛሬ አልጨምርም።

ዳኞች ሆይ፣ ዛሬ ከእነዚህ ልጆች አንዱ «ለእውነትነቱ አይደለም» ቢላችሁ፣ እባካችሁ «ታዲያ ለምን?» በሉት፤ የትኛውን ጭብጥ እንደሚያስረዳ እስኪነግራችሁ ድረስም አትፍቀዱለት። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።