«ለእሱ እንዳይነግሩብን»

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባሕር ዳር ስለሆንኩ የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅር በሉኝ። መስኮቱን ብዘጋውም ይገባል።

እንደምታውቁት የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ መጥፎ ውጤት አነጋገር ነው። ከዚያም ውስጥ ስለ አንዲት ቦታ ብቻ፦ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ጎተት አድርጎ «ዶክተር፣ እባክዎ ለእሱ እንዳይነግሩብን» ስለሚልባት ሰዓት። በእኛ አገር ንግግሩ የሚጀምረው ከታማሚው ጋር አይደለም። እዚያ ኮሪደር ላይ ነው።

አንድ ታሪክ ላንሳ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። ሰውየው ከዘጌ በጀልባ የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው፣ ስልሳውን አልፈዋል። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አለ፣ ቆይቶ ሾርባውም ይይዛቸው ጀመር። ሰውነታቸው ከስቷል። በኢንዶስኮፒ ታየ፣ ናሙና ተወሰደ። የጉሮሮ ምግብ መውረጃ ቱቦ ካንሰር ነው፣ ጉበት ላይም ደርሷል። ወሩ መስከረም ነበር።

ትልቁ ልጅ ውጤቱን ከእኔ በፊት ጠርጥሮታል። «ከሰማ በቃ፣ በዚያው ይወድቃል» አለኝ።

እዚህ ላይ ሐኪሞች ሁለት ነገር እናደርጋለን፣ ሁለቱም አይጠቅሙም። አንዱ «የታማሚ መብት ነው» ብሎ ልጁን መገሠጽ ነው። ልጁ ግን ክፉ አላሰበም፣ አባቱን ሊያድን ነው የፈለገው። ሌላው እሺ ብሎ ለአባትየው «ትንሽ ቁስል ናት» ማለት ነው። ይኼኛው ለጊዜው ሁሉንም ያስደስታል። ግን ለትንሽ ቁስል ማን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የጨረር ሕክምና ይወስዳል? ሰውየው ቤታቸው ይገባሉ፣ ተመልሰው የሚመጡት ውኃም አልወርድ ሲል ነው።

እኔ ልጁን መጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ። ቁጭ ሲል ድምፁም ይወርዳል። ከዚያ «ቢሰማ ምን ይሆናል ብለህ ነው የምትፈራው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ ታሪክ አለ። የእሱ አጎት ሆስፒታል ውስጥ ቆመው «ካንሰር ነው፣ ምንም አይደረግም» ተብለው፣ ቤት ሄደው እህል እንቢ ብለው ሞተዋል። ስለዚህ ልጁ የፈራው እውነቱን አይደለም፣ አነጋገሩን ነው።

ያልኩት ይኼን ነው፦ «አባትህን አልዋሻቸውም። ግን ሳይፈልጉ አልጭንባቸውም። ምን ያህል መስማት እንደሚሹ እጠይቃቸዋለሁ። ለልጄ ንገሪው ካሉኝ ለአንተ እነግራለሁ። አንተም አጠገባቸው ትቀመጣለህ።» እሺ አለ። ሙሉ በሙሉ አላመነኝም፣ ግን እሺ አለ።

ይኼ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ዋልተር ቤይል፣ ሮበርት በክማንና ባልደረቦቻቸው ለካንሰር ሐኪሞች ስድስት ደረጃ ያለው አካሄድ አሳትመው ነበር። ቦታውን አዘጋጅ፣ ሰውየው የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ተነጋገሩ። ሦስተኛዋ ደረጃ ለእኛ አገር የተሠራች ትመስለኛለች። መስማት ብቻ ሳይሆን አለመስማትም ምርጫ እንዲሆን ታደርጋለችና።

በር ዘጋን፣ ስልኬን ድምፅ አጠፋሁ፣ ወንበሬን ከጠረጴዛው ወዲህ አመጣሁት።

«አባቴ፣ እርስዎ ሕመሙ ምን ይመስልዎታል?»

«ያው የሚበላ ነገር ነው የመሰለኝ። ውስጥ ውስጡን የሚበላ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ደብቅልኝ ያለውን ነገር አባቱ ቀድመው ያውቁታል። በጣም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ታማሚው ለልጆቹ ሲል ዝም ይላል፣ ልጆቹም ለእሱ ሲሉ።

«ውጤቱ መጥቷል። ሁሉንም ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?»

«ለእኔ ንገሪኝ። እሱም ይስማ።»

«ያመጣሁት ውጤት ጥሩ አይደለም።» እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ሰው ራሱን እንዲያዘጋጅ ነው። «ምግብ መውረጃዎ ላይ ያገኘነው ካንሰር ነው። ጉበትዎም ጋ ደርሷል።»

ከዚያ ዝም። ከባዱ ይኼ ነው፣ ከመናገሩ ይብሳል። አፋችን «አይዞዎት» ሊል ይቸኩላል። ቶሎ የመጣ «አይዞዎት» ግን የሰውየውን አፍ ይዘጋል፣ ሊጠይቁ የነበረውን ይውጡታል። «ማስ»፣ «ሊዥን»፣ «ማሊግናንት» የሚሉ ቃላትም እንደዚያው ናቸው። እኛን ከፍርሃታችን ይከልሉናል እንጂ ለሰሚው ምንም አይነግሩትም። «ማስ አለብኝ» እያለ እየሳቀ የወጣ ሰው አይቻለሁ።

ሰውየው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ። ቀጥለው «የዘንድሮን ቡና እለቅማለሁ?» አሉኝ።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ማለታቸው ነው። «ስድስት ወር» ብሎ ቁርጥ ያለ ቁጥር መስጠት አይገባም፣ ማንም በቀን ለይቶ አያውቅምና። «እሱ ነው የሚያውቅ» ብሎ መሸሽም አይገባም። ያልኩት፦ «የዘንድሮውን እንዲለቅሙ ተስፋ አለኝ። የከርሞውን ግን ቃል ልሰጥዎ አልችልም።»

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሕክምናው ያወራነው። በሽታውን የሚነቅል መድኃኒት የለንም። ግን ጨረሩ ቱቦውን ከፈት አድርጎ ምግብ እንዲወርድ ሊረዳ ይችላል፣ ለሕመሙም የሚዋጥ ሞርፊን አለ። ጠበል እገባለሁ አሉ። ይግቡ፣ የሕመም መድኃኒቱን ብቻ አያቋርጡ አልኩ። ይኼን ከከለከልኩ ጠበሉን አይተዉም፣ እኔን ነው የሚተዉኝ።

ከመውጣታቸው በፊት «ሚስትዎ ማታ ሲጠይቁዎት ምን ይሏቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰው የገባውንና ያልገባውን የማውቀው በዚች ነው። «ገባዎት?» ከተባለ ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። እሳቸው «ካንሰር ነው፣ አይድንም፣ ግን ለመብላት አዲስ አበባ እሄዳለሁ እላታለሁ» አሉኝ። ከዚህ በላይ እኔም አልለውም።

አስተማሪዎችና አለቆች «እኛስ መጥፎ ዜና እንዴት እንንገር?» ብላችሁ ብዙ ጊዜ ትጽፉልኛላችሁ። ልዩነቱ አጭር ነው። ከሥራ የሚሰናበት ሰው «መስማት ትፈልጋለህ?» አይባልም፣ ምርጫ የለውምና። እዚያ ዜናው ይቀድማል፣ ምክንያቱ ይከተላል። ሩብ ሰዓት ስለ ገበያው መቀዛቀዝ ካወራችሁ በኋላ «ስለዚህ...» ካላችሁ ሰውየው ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የቆየው። ተማሪም ፈተና መውደቁን በክፍል ጓደኞቹ ፊት መስማት የለበትም። ሌላው ያው ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፣ መርዶን የሚመለከት። አንዲት አድማጭ «በእኛ ባህል መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው፣ ስልክ ላይም ‹ትንሽ አሞታል፣ ና› ነው የሚባለው፤ ታዲያ ሐኪም ለምን እንደዚያ አያደርግም?» ብላለች። ግማሹን አደርጋለሁ። ሰው ብቻውን አይስማ የሚለውን እወስዳለሁ። «ትንሽ አሞታል» የሚለውን ግን እተወዋለሁ። መርዶ የሚነገረው ያለቀ ነገር ነው፣ ሰሚው የሚወስነው ነገር የለም። ታማሚው ግን ገና ብዙ የሚወስነው አለው፣ ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ፣ ከማን ጋር እንደሚታረቅ፣ ጨረሩን እሺ እንደሚል እንቢ እንደሚል።

ልጁ በኋላ ተመልሶ መጣና ለእናቱ እሱ ይንገራት እንደሆነ ጠየቀኝ። አባትህን ጠይቅ አልኩት። አባትየው «እኔ ነኝ የምነግራት» ብለዋል።